ድፍን 70 ሺህ

ጥር ደብረ ብርሃን ውስጥ ብርድ ልብስ ለሚሸጥ ሰው የእረፍት ወር አይደለም። ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ ሰርጉም በየሰፈሩ ነው። ሂሳብ የምሠራለት ሱቅ የ2017 ጥርን ሲጨርስ በባንክ በኩል ብቻ 612,400 ብር መሸጡን ሌጀሬ ላይ አየሁ። የባንኩ ስቴትመንት ግን ከደንበኞች ገባ የሚለው 542,400 ብር ነው። ልዩነቱ ድፍን 70,000።

የሱቁ ባለቤት ጋሼ ቁጥሩን ሲሰሙ ዝም አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ካሸሯን አዩዋት። «ልጄ፣ ድፍን ብር ዝም ብሎ አይጠፋም» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ውስጤ የነገረኝ ያንኑ ነው። 69,873 ቢሆን ኖሮ የስሌት ስህተት እንል ነበር። 70,000 ግን አንድ ሰው ቆጥሮ የወሰደው ይመስላል። አንድ ቀን ሙሉ የ70 ሺህ ብር ሽያጭ ፈለግሁ። ከዚያ ሁለት የ35 ሺህ። አልነበረም።

ይህ ሁሉ የሆነው መጀመሪያ ካመጣሁት ስቴትመንት ጋር ከተጣላሁ በኋላ ነው። መስኮቱ ላይ «የጥር ወር» ብዬ ጠየቅሁ፤ የጃንዋሪ ወር ታትሞ ተሰጠኝ። የእኛ ጥር በዚያ ዓመት ከጃንዋሪ 9 እስከ ፌብሩዋሪ 7 ነው። ባንክ በፈረንጅ ይጽፋል፣ እኔ በሐበሻ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወር አልጠራም፣ ሁለቱን ቀን በፈረንጅ ጽፌ ነው የምሰጠው።

በሁለተኛው ቀን ልዩነቱን መፈለግ ተውኩ። ስቴትመንቱንና ሌጀሩን ጎን ለጎን ዘርግቼ፣ እርሳስ ይዤ፣ የተገናኘውን ሁሉ በሁለቱም ላይ ምልክት አደረግሁበት። በሞባይል የተላከው ገንዘብ ቀላል ነው። የላኪው ስም አለ፣ ብሩም ሳይቀነስ ይገባል። 371,400 ብሩ በአንድ ረፋድ አለቀ። የቀረኝ የካርድ ሽያጭና አንድ ቼክ ነበር።

ካርዱ ላይ ሥራው ይከብዳል። በፖስ ማሽን የተከፈለ ብር አንድ በአንድ አይገባም። ማሽኑ ማታ ሲዘጋ የቀኑ ሽያጭ ተጠቃሎ፣ ኮሚሽኑ ተቀንሶ፣ በማግስቱ ወይም በሚቀጥለው የሥራ ቀን በአንድ መስመር ይገባል። ስለዚህ ሌጀሩ ላይ አምስት ደንበኛ፣ ስቴትመንቱ ላይ አንድ ቁጥር። ብቸኛው ድልድይ ማሽኑ ማታ የሚያወጣው የመዝጊያ ወረቀት ነው። ካሸሯ ሁሉንም በላስቲክ አስራ አስቀምጣ ነበር። ባታስቀምጥ ኖሮ ምን እንደምል አላውቅም።

የስቴትመንቱ የመጀመሪያ መስመር፣ ጥር 1፣ 21,560 ብር ይላል። በጥር ሌጀር ውስጥ ዘመድ የለውም። ላስቲኩን ፈትቼ ስፈልግ የታኅሣሥ 30 ወረቀት ወጣ፦ ሽያጭ 22,000። የእኛ ውል ላይ ኮሚሽኑ 2 በመቶ ስለሆነ 440 ብር ተቀንሶ ነው የገባው። የታኅሣሥ ሽያጭ በጥር ገብቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ወሩ መጨረሻ ላይም ተመሳሳይ ነገር እንደሚኖር ገባኝ። ጥር 30 ዓርብ ነበር። የዚያ ቀን የካርድ ሽያጭ 38,000 ብር፣ ከሰኞ በፊት አይገባም፤ ሰኞ ደግሞ የካቲት 3 ነው። ቼኩም ከመሐል ሜዳ የመጣ ደንበኛ የሰጠን የ45,000 ብር ሲሆን ጥር 29 ባንክ አስገብተነዋል፣ ግን ገና አልተመነዘረም።

እንግዲህ ከ612,400 ላይ 38,000ንና 45,000ን ቀነስኩ፣ 22,000 ጨመርኩ። 551,400 ሆነ። ከባንኩ ጋር የቀረን ልዩነት 9,000 ብር ብቻ። ይኸውም ድፍን ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን አልደነገጥኩም።

በጥር ባንክ የገባልን የካርድ ሽያጭ ምንም ሳይቀነስለት 180,000 ነው። ካሸሯን «የተመለሰ ዕቃ ነበር ወይ?» አልኳት። ደብተሯን አወጣች። ሦስት ብርድ ልብስ፣ እያንዳንዱ 1,800፣ ቀለሙ አልተወደደም ተብሎ ተመልሶ፣ ብሩ በካርዱ በኩል ለደንበኛው ሄዷል። 5,400። እሷ ጽፋዋለች፣ ለእኔ ግን ማንም አልነገረኝም። ሌጀሬ ላይ ሽያጩ እንዳለ ተቀምጧል።

ከ180,000 ላይ 5,400 አውጥቼ በቀሪው ላይ 2 በመቶ አሰላሁ፦ 3,492። አሁን ሁሉም ተደምሮ ከባንኩ ጋር በ108 ብር ይለያያል። ጋሼ «ለ108 ብር ብለሽ ማታ ልታመሺ ነው?» አሉ። ችግሩ ትንሽነቱ አይደለም። ምክንያቱ ያልታወቀ 108 ብር፣ የአንድ 10,000 ትርፍና የአንድ 9,892 ጉድለት ተጣፍተው የቀሩበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተመላሹ የተደረገበትን ቀን ለብቻው አወጣሁ። ሽያጭ 24,000፣ ተመላሽ 5,400። ባንክ የገባው 18,120። ኮሚሽኑ በቀሪው 18,600 ላይ ቢታሰብ 372 ብር ይሆንና 18,228 መግባት ነበረበት። የተቆረጠው ግን 480 ነው፣ የ24,000 ሁለት በመቶ። ብሩ ለደንበኛው ሲመለስ ኮሚሽኑ ለእኛ አልተመለሰም። የ5,400 ሁለት በመቶ 108። ያ ነው።

ኮሚሽኑ በሙሉ 3,600፣ ተመላሹ 5,400፣ አብረው 9,000። ተዘጋ። ድፍኑ 70 ሺህ አምስት የማይገናኙ ነገሮች ተደማምረው በአጋጣሚ የሠሩት ቁጥር ነበር፤ ከመካከላቸው አንዱ እንዲያውም በተቃራኒው የሚጎትት። ጋሼ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ካሸሯን «የኔ ልጅ፣ ቡና አስፈልቺ» አሏት፤ ይቅርታ መሆኑ ነው።

ከባንኩ ያገኘሁትን ልዩነት ሌጀሩ ላይ የጻፍኩት በሁለት መስመር ነው። 3,600ውን በባንክ ወጪ፣ 5,400ውን በሽያጭ ተመላሽ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል፤ ባንክ የገባውን 18,120 አይቶ ሽያጩን 18,120 ብሎ ያስተካክላል። ሽያጩ 24,000 ነው፣ ቫቱም የሚታሰበው ኮሚሽን ሳይቀነስ ነው። ከዚያ በተጨማሪ ጥር 30 የተሸጠው 38,000 ላይ የሚቆረጠውን 760 ብርም የጥር ወጪ አድርጌ በተከፋይ ያዝኩት። 38,000ውና ቼኩ ግን ገና መንገድ ላይ ስለሆኑ አልነካኋቸውም፤ በአንድ ወረቀት ላይ ቀናቸውን ጽፌ የየካቲትን ስቴትመንት ጠበቅሁ።

የካቲት 3 37,240 ገባ። ቼኩ ግን ባስገባነው በሳምንቱም አልታየም። ባንክ ሄጄ ስጠይቅ ፊርማው አልገጠመም ተብሎ ተመልሷል። «መንገድ ላይ ነው» ብዬ የጻፍኩት ብር መንገድ አልጀመረም ነበር። 45,000ውን ከዝርዝሩ ሰርዤ ወደ ደንበኛው ዕዳ መለስኩት፣ ጋሼም ስልክ ደወሉ። ሰውዬው በቅዳሜ መኪና መጥቶ ሌላ ቼክ ፈረመ። የካቲት 14 ተመነዘረ።