አንድ ነጥብ፣ አንድ መስመር፦ ሪግረሽንን በአንድ ስላይድ ያስረዳሁበት መንገድ

ለአለቆቻችን የሪግረሽን ውጤት ያቀረብኩበትን አንድ ስላይድ አራት ጊዜ ቀይሬዋለሁ። እናንተም ቁጥር ይዛችሁ ስብሰባ ስለምትገቡ የሆነውን ላካፍላችሁ።

ቢሯችን ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ነው። ጠዋት የደንበኛው ሰልፍ በሩ ድረስ ይደርሳል። የወረፋ ቁጥር የሚሰጥ ማሽን ለሙከራ ተከራየን። ከ24 የሥራ ቀናት 12ቱ በማሽን፣ 12ቱ በድሮው ሰልፍ እንዲሠሩ በዕጣ ለየን። በየቀኑ በዕጣ የመረጥናቸው 10 ደንበኞች ስንት ደቂቃ እንደጠበቁ መዘገብን፤ በድምሩ 240 ሰው። የየቀኑን የደንበኛ ብዛትም አስገብቼ በሪግረሽን ሳሰላ፣ ማሽኑ ጥበቃውን በአማካይ 6 ደቂቃ ቀንሶታል።

መጀመሪያ ሶፍትዌሩ ያወጣውን ሰንጠረዥ እንዳለ ለጠፍኩት። እዚያ ላይ የተጻፈው −6 ነው። ያየው ሰው ሁሉ ማሽኑ የከሰረ መሰለው። ስለዚህ ምልክቱን ገለበጥኩና «የተቀነሰ ደቂቃ» ብዬ ጻፍኩ። ሰንጠረዡን አውጥቼ አንድ አግዳሚ መስመር አሰመርኩ፤ ከታች ከ0 እስከ 12 ደቂቃ። 6 ላይ ወፍራም ነጥብ አደረግኩ፤ ከነጥቡ ግራና ቀኝ የ95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉን፣ ማለትም የግምቱን ክልል፣ ከ3 እስከ 9።

ያም ሆኖ ስላይዱ ለውሳኔ አይረዳም ነበር። ሰዎች መስመሩ 0ን አለመንካቱን ብቻ ነው የሚያዩት። አለቆቻችን የሚፈልጉት ግን ኪራዩ ያዋጣል ወይ የሚለውን ነው። ፋይናንስ ክፍሉን ጠየቅኩ። ማሽኑ ቢያንስ 2 ደቂቃ ከቀነሰ ኪራዩን ይመልሳል አሉኝ። 2 ላይ ቀጥ ያለ ቀይ መስመር አቆምኩ። ስላይዱ ነፍስ የዘራው ያኔ ነው። 3 ከ2 ስለሚበልጥ ርዕሱን «ማሽኑ ኪራዩን ይመልሳል» አልኩት።

ከስብሰባው በፊት ለገንዘብ ያዣችን አሳየኋቸው። ሰልፉን ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ዝም ብለው አዩትና፣ «እንግዲህ ልጄ፣ እያንዳንዱ ደንበኛ ቢያንስ 3 ደቂቃ ይተርፈዋል ማለት ነው?» አሉኝ።

አይደለም። መስመሩ የሚናገረው ስለ አማካዩ ነው። የአንድ ሰው ጥበቃ ከሌላው በ10 እና በ15 ደቂቃ ይለያያል፤ በማሽኑ ቀን መጥቶ ከበፊቱ የበለጠ የጠበቀም አለ። ይህን ስነግራቸው ወዲያው ገባቸው። ከመስመሩ ሥር «ይህ የአማካዩ ግምት ነው እንጂ የእያንዳንዱ ደንበኛ አይደለም» ብዬ ጨመርኩ። ስላይድ ስትሠሩ ሰውየው ያየውን በራሱ አፍ መልሶ እንዲነግራችሁ ጠይቁት። ስህተቱ የሚወጣው እዚያ ላይ ነው።

ቀጥለው የተናገሩት ደግሞ ስሌቴን አስቀየረኝ። «ደመወዝ የወጣ ቀን ሁሉም ይጠብቃል፤ ረቡዕ ደግሞ ማንም አይጠብቅም» አሉ። እኔ 240ውን ሰው አንዱ ከሌላው ጋር እንደማይገናኝ አድርጌ ነው የቆጠርኩት። በአንድ ቀን የመጡ 10 ሰዎች ግን አንድ ሰልፍ፣ አንድ የኔትወርክ መቆራረጥ ይጋራሉ። በዕጣ የለየነውም ቀን እንጂ ሰው አልነበረም። ስሌቱ ይህን ካላወቀ መስመሩ ከሚገባው በላይ ያጥራል። በቀን ቡድን አድርጌ ደግሜ አሰላሁት። ነጥቡ 6 ላይ ቀረ፤ መስመሩ ግን ከ1 እስከ 11 ተዘረጋ። ግራ ጫፉ ቀዩን መስመር ወደ ግራ አለፈው። ርዕሱም ተቀየረ፦ «ማሽኑ ጥበቃን ይቀንሳል፤ ኪራዩን መመለሱ ግን ገና አልተረጋገጠም»።

ስብሰባው ላይ 95 በመቶ ምንድን ነው ተብዬ ተጠየቅኩ። «ይህን ጥናት 20 ቡድኖች ለየብቻ ቢሠሩት፣ እያንዳንዱ የራሱን መስመር ያሰምራል። ከ20ው 19 ያህሉ እውነተኛውን ቁጥር ይይዛሉ። የእኛ ከ19ኙ ይሁን ከአንዱ አናውቅም» አልኩ። በዚሁ አለፈ፤ ስላይዱ ላይ አልጻፍኩትም።

ሥራ አስኪያጃችን ቀዩ መስመር ላይ ጣታቸውን አድርገው፣ «ከዚህ ወደ ቀኝ እንዲወጣ ምን ያስፈልጋል?» አሉ። ተጨማሪ ቀን ነው ያስፈለገን። በዚያው ቀን ብዙ ሰው መመዝገብ ያን ያህል አይረዳም። ቀኖቹ 48 ቢሆኑና አማካዩ እዚያው 6 ላይ ቢቆይ፣ መስመሩ በግምት ከ2.5 እስከ 9.5 ይሆናል። አማካዩ ግን ሊወርድም ይችላል፤ እሱንም ነገርኳቸው። ኪራዩን ለ24 የሥራ ቀናት አራዘሙልን። የአዲሶቹን ቀናት ዕጣ ትናንት አወጣን።