«እኛ» ማለት ማን ነው?

የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም ብቻዬን መተርጎም ስጀምር የነበሩኝ ደንበኞች ሦስት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ የአጎቴ ልጅ ስለ ነበር ሁለት ተኩል ቢባሉ ለእውነት ይቀርባል። ይህን ይሸፍንልኛል ያልኩት ድረ ገጼ ላይ የሚወጣው «ስለ እኛ» የተባለው ጽሑፍ ነበር። እንዴት እንደሚጻፍ ስለማላውቅ ከቤቴ ዝቅ ብሎ ካለው መንገድ ዳር ቢሮ የከፈተውን የትርጉም ቤት ገጽ ከፍቼ፣ አንዳንዱን ቃል እየለወጥኩ፣ አብዛኛውን ሳልለውጥ ጻፍኩ። ድርጅታችን የካበተ ልምድ ባላቸው ባለሙያዎች የተዋቀረ መሆኑን፣ እያንዳንዱ ሰነድ በሦስት ደረጃ የጥራት ቁጥጥር እንደሚያልፍ፣ የደንበኞቻችን እርካታም መለያችን እንደሆነ አስታወቅሁ። ሦስቱ ደረጃዎች ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበሩም፤ የተረጎምኩትን ማታ አነበዋለሁ፣ ጠዋት አነበዋለሁ፣ ከታተመ በኋላም አንድ ጊዜ አየዋለሁ።

ገጹ ከወጣ በኋላ ለወራት ማንም ስለ ይዘቱ አልጠየቀኝም። በመጨረሻ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ከአሜሪካ ደወሉ። ልጃቸውን ለመውሰድ የጀመሩት ጉዳይ ነበራቸውና ማዘጋጃ ቤት በአማርኛ ብቻ ጽፎ የሰጠው አሮጌ የልደት ምስክር ወረቀት እንዲተረጎምላቸው ፈለጉ። ዋጋ ነገርኳቸው፣ የሚደርስበትን ቀን ነገርኳቸው፣ ተስማማን። ከዚያ በኋላ የተነጋገርነውን እስካሁን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ከባለሙያዎቻችሁ የሚፈርመው የትኛው ነው?»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

«የጥራት ቁጥጥሩን የሚሠራውስ?»

ጥቂት ዝም ካልኩ በኋላ «እሱም እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«ታዲያ እዚህ ላይ እኛ፣ እኛ የሚለው ማን ነው? ጃንሆይ ናቸው ‹እኛ› ይሉ የነበሩት፤ እሳቸውም ቢሆኑ ብቻቸውን ነበሩ።»

እሳቸው ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ጥያቄያቸው ለቀልድ የቀረበ አለመሆኑን አውቄዋለሁና። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ላይ የሚቀርብ ትርጉም ከግርጌው የተርጓሚው ማረጋገጫ ይኖረዋል፤ በዚህም ተርጓሚው ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ መሆኑን፣ እሱም ከዚያ ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ ለመተርጎም ብቁ መሆኑን አረጋግጦ ይፈርማል። ማረጋገጫውን የሚሰጠው ቋንቋውን ያውቃል የተባለ አንድ ሰው እንጂ «የካበተ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች» አይደሉም። ሴትዮዋ ሊያውቁ የፈለጉት ያንን ሰው ነበር፤ እኔ ደግሞ በገጼ ላይ አጥብቄ የደበቅሁት እሱኑ ነበር። ሥራውን ሰጡኝ፤ ነገር ግን ከመስጠታቸው በፊት ስሜን፣ የት እንደተማርኩና ከዚህ በፊት ምን ምን እንደተረጎምኩ አንድ በአንድ ጠይቀውኛል። ያ ሁሉ ገጹ ላይ ሊገኝ ይገባው የነበረ ነገር ነው።

በዚያው ሳምንት ገጹን ከሥሩ አፍርሼ ጻፍኩት። የከበደኝ «እኛ»ን «እኔ» ማድረጉ ሳይሆን ደንበኛ ሳይኖረኝ ማስረጃ ማቅረቡ ነበር። በእኛ ሥራ የሰውን የልደት ወይም የፍቺ ወረቀት «እነሆ ሥራዬ» ብሎ መለጠፍ አይቻልም፤ የምስጋና ቃል ልሰብስብ ብልም ከሦስቱ አንዱ የአጎቴ ልጅ ነው። ስለዚህ የማደርገውን ነገር ራሱን በምሳሌ ለማሳየት ወሰንኩ። በመጀመሪያ መስመር ስሜንና ብቻዬን እንደምሠራ አሰፈርኩ፤ ቀጥዬ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛና ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ብቻ እንደምተረጉም፣ ኦሮምኛና ትግርኛ ለሚፈልግ ሰው ግን የማውቃቸውን ባለሙያዎች እንደምጠቁም ጻፍኩ። ከዚያ በፈጠርኩት የልደት ወረቀት ላይ አንድ ቀን ወስጄ ሥራዬን ዘርዝሬ አሳየሁ።

የመረጥኩት ቀን ጥቅምት 5 ቀን 1984 ዓ.ም. ነበር። ብዙ ሰው ይህን ሲመልስ መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ይውላል ከሚል ተነሥቶ ኦክቶበር 15 ቀን 1991 ላይ ያርፋል። ነገር ግን 1983 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን የነበረችበት ዓመት ስለሆነ የ1984 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው፤ የዚያ አንድ ቀን ልዩነትም ፈረንጆቹ የ1992ን ፌብሩዋሪ 29 እስኪቆጥሩ ድረስ ይዘልቃል። ትክክለኛው ስለዚህ ኦክቶበር 16 ነው። ፓስፖርቱ ላይ 15 ተብሎ ተጽፎ ከሆነ ትርጉሙን ከፓስፖርቱ ጋር ለማስማማት አልነካካውም፤ በወረቀቱ ላይ ያለውን የኢትዮጵያ ቀን እንዳለ አስቀምጬ አቻውን በቅንፍ አገባለሁ፣ ልዩነቱንም ለባለቤቱ አስቀድሜ እነግራለሁ። የስም አጻጻፍን በተመለከተ ደግሞ የፓስፖርቱን ፎቶ ሳላይ ሥራ እንደማልጀምር በአንድ ዓረፍተ ነገር አከልኩ።

ከዚያ በኋላ የደወሉልኝ ሰዎች «ያችን የአንድ ቀን ነገር አይቼ ነው» ይሉኝ ጀመር። ብዙ አልነበሩም፤ ዋጋ ለማስቀነስ የሚከራከሩት ግን ከበፊቱ በግልጽ ቀነሱ። በአንጻሩ አንድ የግዥ ሠራተኛ ገጹን ካነበበ በኋላ ደውሎ፣ ጽሑፉን እንደወደደው ነገር ግን ለአለቃው «አንድ ሰው ነው» ብሎ ማቅረብ እንደማይችል በትሕትና አስረዳኝ። ያ ሥራ የሁለት ወር ኪራይ ይከፍል ነበር። በ«እኛ» ዘመን ቢደውል ኖሮ ሳይጠይቅ ይሰጠኝ እንደነበር እጠረጥራለሁ፤ እንዲያውም እስከ ዛሬ በየወሩ ሥራ የሚልክልኝ ብቸኛው ድርጅት ያገኘኝ በዚያ ዘመን ነው። ኃላፊውን አንድ ቀን ምን አይቶ እንደመረጠኝ ብጠይቀው፣ ገጹን እንዳላነበበና ስልክ ቁጥሩን ብቻ ፈልጎ እንደወሰደ ነገረኝ።

ባለፈው ወር ደግሞ አንድ ወዳጄ የሚያውቀው ነገር እንዳየ በመግለጽ የዚያን የመንገድ ዳር ትርጉም ቤት ገጽ ላከልኝ። ገጹ ታድሷል። «ብቻዬን ነው የምሠራው» ይላል። በቢሮው ፊት ለፊት ሳልፍ በመስኮቱ ቢያንስ አምስት ሰው ተቀምጦ አያለሁ። ከእነሱ ቀድቼ የጀመርኩ ሰው ስለሆንኩ ቂም የመያዝ መብት የለኝም፤ ስለ ኦሮምኛና ትግርኛ የጻፍኩት እንኳ አንድ ፊደል ሳይጎድል ተወስዷል፤ ሁለቱም ቋንቋዎች ግን በራቸው ላይ በትልቁ ተጽፈዋል። ከሁሉ የገረመኝ የቀኑ ምሳሌ ነው። ጥቅምት 5 ቀን 1984 እንዳለ አለ፤ የጳጉሜን ስድስት ማብራሪያም አለ። መልሱን ግን የእኔ ስህተት መስሏቸው ሳይሆን አይቀርም፣ ወደ ኦክቶበር 15 አርመውታል።

ደውዬ ልንገራቸው ወይስ ልተወው እያልኩ ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነኝ።