አርባውን ስላይድ ወደ አሥራ አምስት፦ የቡና አደራረቅ ጥናቴን እንዴት እንዳሳጠርኩት

የሰሞኑ ልምምዴ መቁረጥ ነው። እዚሁ ጅማ በተዘጋጀ የቡና ጥራት ዎርክሾፕ ላይ ስለ ቡና አደራረቅ የሠራሁትን ጥናት እንዳቀርብ 40 ደቂቃ ተሰጥቶኝ ነበር። እኔም 40 ስላይድ አዘጋጅቼ ተቀመጥኩ። ዝግጅቱ ሲቃረብ አዲስ ፕሮግራም ተላከልን። አቅራቢ ተጨምሯል፣ የመክፈቻ ንግግሩም ረዝሟል። የእኔ ድርሻ 15 ደቂቃ ሆነ፤ ለጥያቄ ደግሞ 5 ደቂቃ።

ቅዳሜ ከቡድናችን ልጆች ጋር ስንገናኝ ነገሩን አነሳሁት። አንዱ «ምን ችግር አለው፣ ቶሎ ቶሎ ተናገር» አለኝ። እስቲ እናስላው። 15 ደቂቃ ለ40 ሲካፈል አንድ ስላይድ 22 ሰከንድ ገደማ ይደርሰዋል። በዚህ ጊዜ ታዳሚው ርዕሱን አንብቦ ግራፉ ላይ ዓይኑን ከማሳረፉ ስላይዱ ያልፋል። ሌላዋ ደግሞ «ሁለት ሁለቱን፣ ሦስት ሦስቱን አንድ ላይ አድርጋቸው» አለች። እንዲህ ከተደረገ ቁጥሩ 15 ይሆናል፣ የሚነገረው ግን ያው የ40 ነው። ፊደሉም ስለሚያንስ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው አያየውም።

የቋንቋውም ጉዳይ አለ። ስላይዶቹ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጡት ግን የወረዳ ግብርና ባለሙያዎች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር መሪዎችና ቡና አቅራቢዎች ናቸው። በአማርኛ እየተናገርኩ ዋና ዋናውን በአፋን ኦሮሞ መድገም ነበረብኝ። ይሄ ደግሞ ደቂቃ ይበላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ላፕቶፑን ዘጋሁት። ወረቀት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጻፍኩ፤ ታዳሚው ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይዞት እንዲወጣ የምፈልገውን። እንዲህ ይላል፦ «የማድረቂያ አልጋ መኖሩ ብቻውን ቡናውን አያድነውም፤ እሸቱ ወፍሮ ከተሰጣና በደንብ ካልተገላበጠ አልጋ ላይም ይበላሻል።» ጥናቱ ማና እና ጎማ ወረዳ ውስጥ ያልታጠበ ቡና የሚያደርቁ ገበሬዎችን የሚመለከት ነው። ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ አልጋው ነው። እኔ ያየሁት ግን ችግሩ አልጋው ላይ ያለው የእሸት ውፍረት መሆኑን ነው። እሸቱ ሲቆለል ከሥር ያለው አየር አያገኝም፣ ይሞቃል፣ ሳይደርቅ መፍላት ይጀምራል። ሻጋታውም የሚመጣው በዚያው ነው።

ዓረፍተ ነገሩ ከተገኘ በኋላ 40ዎቹን ስላይዶች በአንድ ገጽ ዘጠኝ ዘጠኝ አድርጌ አሳተምኳቸው። አምስት ገጽ ሆኑ። በመቀስ ቆራርጬ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኋቸው። በ PowerPoint የ Slide Sorter እይታም ይቻላል፤ እኔ ግን እጄ ላይ ያለ ወረቀት ስይዝ ለመጣል ያን ያህል አልሳሳም። ለእያንዳንዱ ወረቀት የጠየቅኩት ይህን ነው፦ ይህ ስላይድ ለዓረፍተ ነገሩ ማስረጃ ነው? ካልሆነ፣ ከአዳራሹ ውስጥ ስለዚህ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል? ማስረጃ የሆነው ዋናው ውስጥ ይቀራል። የሚጠየቅበት አባሪ ውስጥ ይገባል። ሁለቱንም ያልሆነው ይሰረዛል።

አርባው እንዲህ ነበር የተከፋፈለው። ርዕስ 1፣ ማውጫ 1፣ መነሻ ሐሳብ 7፣ የቀደሙ ጥናቶች 5፣ የጥናቱ ቦታ 2፣ ዘዴ 8፣ ውጤት 12፣ ማጠቃለያ 2፣ ዋቢ 1፣ ምስጋና 1። ልብ በሉ፣ ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት 24 ስላይድ ያልፋል። በ15 ደቂቃ ውስጥ ይህን ይዤ ብገባ ውጤቱ ላይ ሳልደርስ ሰዓቱ ያልቃል።

ትልቁ ቅነሳ የመጣው ከመነሻ ሐሳቡ ነው። ሰባቱ ስላይዶች ቡና ለአገሪቱ ያለውን ድርሻ፣ የጅማ ዞንን የቡና ታሪክ፣ የታጠበና ያልታጠበ ቡና ልዩነትን የሚያስረዱ ነበሩ። ይህ ለውጭ አገር ታዳሚ ያስፈልግ ይሆናል። ለጅማ ሰው ስለ ቡና ታሪክ ማስረዳት ግን ምን ይባላል? ከሰባቱ የቀረው አንድ ነው፤ አልጋ ላይ ወፍሮ የተሰጣ እሸት የሚያሳይ ፎቶ። የቀደሙት ጥናቶች በሙሉ ከዋናው ወጡ። አምስቱን ወደ አንድ ሰንጠረዥ አጠቃለልኳቸውና አባሪ ውስጥ አስገባኋቸው።

ዘዴው ከስምንት ወደ ሁለት ወረደ። አንዱ ምን እንዳነጻጸርኩ ያሳያል፤ ሁለተኛው ቡናው እንዴት እንደተመዘነ። የናሙና አመራረጥ፣ የመጠይቁ ቅጂ፣ የእርጥበት መለኪያው ዓይነት፣ የስታቲስቲክስ ስሌቱ ሁሉ ወደ አባሪ ሄደ። እዚህ ላይ እጄ ተንቀጥቅጧል። ብዙ የደከምኩት ዘዴው ላይ ነው፣ ሰው ድካሜን እንዲያይልኝም እፈልጋለሁ። ግን ለታዳሚው የሚጠቅመው ድካሜ አይደለም።

ውጤቱ ከ12 ወደ 6 መጣ። የማና እና የጎማ ውጤቶች በተለያየ ስላይድ ላይ፣ በተመሳሳይ መለኪያ ተቀምጠው ነበር። እነሱን ማዋሃድ ተገቢ ነው፤ ጎን ለጎን ሲሆኑ ንጽጽሩ ራሱ ይታያል። የማይዋሃዱት መለኪያቸው የተለያየ ግራፎች ናቸው። እርጥበትንና የቅምሻ ነጥብን አንድ ላይ ባደርግ ታዳሚው የቱን ቁጥር በየትኛው መስመር እንደሚያነብ ይጠፋዋል። የእያንዳንዱን ርዕስም ቀየርኩ። «የቅምሻ ውጤት» የነበረው «ውፍረቱ ሲጨምር የቅምሻ ነጥቡ ይወርዳል» ሆነ። ርዕሱ ውጤቱን ከተናገረ፣ ለማብራሪያ የማወጣው ቃል ይቀንሳል።

በመጨረሻ ዋናው ይህን መሰለ፦ ርዕስ፣ ዓረፍተ ነገሩ፣ ችግሩን የሚያሳየው ፎቶ፣ ካርታ፣ ሁለት የዘዴ፣ ስድስት የውጤት፣ አንድ የጥናቱ ውስንነት፣ አንድ ምክረ ሐሳብ፣ በመጨረሻም ዓረፍተ ነገሩ እንደገና። 15 ሞላ። የመጨረሻውን የደገምኩት ሆን ብዬ ነው። ጥያቄ ሲጠየቅ ስክሪኑ ላይ ለአምስት ደቂቃ የሚቆየው እሱ ነው። በዚያ ቦታ ላይ «አመሰግናለሁ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ማቆየት ቦታ ማባከን ነው።

አሁን ወደ አባሪው። ብዙ ጊዜ ያየሁት አባሪ የተረፈ ነገር የሚጣልበት መጋዘን ነው። ጥያቄ ሲመጣ አቅራቢው ስላይዶቹን አንድ በአንድ እየገፋ ይፈልጋል፣ ታዳሚው ደግሞ ያን ሁሉ ሲያልፍ ያያል። እኔ የእያንዳንዱን አባሪ ስላይድ ርዕስ ጥያቄ አደረግኩት። «ገበሬዎቹ እንዴት ተመረጡ?» «ነጥቡ እንዴት ተሰጠ?» «ሸራ ላይ ማድረቅስ?» «መቼ ደርቋል ይባላል?» የሚሉ ናቸው። ለሁለተኛው መልሱ በምርት ገበያው አሠራር ለጥሬ ቡናው 40፣ ለቅምሻው 60 በመቶ መያዙን የሚያሳይ ሰንጠረዥ ነው። ለመጨረሻው ደግሞ እርጥበቱ ከ11 እስከ 12 በመቶ ገደማ ሲደርስ የሚል ነው። አንድ ስላይድ ይዤ «ይህን የሚያስነሳው ጥያቄ ምንድን ነው?» ብዬ ጥያቄ ካላገኘሁለት ሰረዝኩት። አባሪው በዚህ መንገድ 14 ስላይድ ሆነ።

አሠራሩ ላይ ጥቂት ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው የሚደናገረው እዚህ ነው። 16ኛው ስላይድ ማውጫ ነው፤ አሥራ አራቱም ጥያቄዎች ተዘርዝረውበታል፣ እያንዳንዱም ወደ ራሱ ስላይድ የሚወስድ ሊንክ አለው። ከ16 ጀምሮ ያሉትን በሙሉ መርጬ Hide Slide አልኳቸው። እንዲህ ካልተደረገ 15ኛው ላይ እጅ ቢስትና አንድ ጊዜ ቢጫን አባሪው ይከፈታል። የተደበቀ ስላይድ ግን በተራ አይመጣም። በአቀራረቡ መሃል ቁጥሩን ጽፎ Enter ሲጫኑ ግን ይከፈታል፦

```
16  Enter   (ማውጫው)
15  Enter   (ወደ መጨረሻው መመለስ)
```

ቁጥር ከጠፋችሁ Ctrl+S የስላይዶቹን ዝርዝር ያወጣል፣ ከዚያ መምረጥ ነው። እያንዳንዱ አባሪ ስላይድ ጥግ ላይ ደግሞ Last Slide Viewed የሚለውን ተግባር የያዘ ትንሽ ምልክት አስቀመጥኩ።

ቁጥር አንድ ጣጣ አለው። መሃል ላይ አንድ ስላይድ ብትጨምሩ ከዚያ በኋላ ያሉት ሁሉ ይገፋሉ። ሊንኩ ግን ከስላይዱ ጋር ስለሚሄድ ቦታው ቢቀየርም አይሳሳትም። ስለዚህ በቁጥር የተጻፈውን ዝርዝር ወረቀት ያዘጋጀሁት ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። አዘጋጆቹም የሁላችንንም ፋይል በአንድ ፋይል ሊያቀጣጥሉት እንደነበር ሰማሁ። ያ ቢሆን የእኔ 16 ሌላ ሰው ስላይድ ላይ ይጥለኝ ነበር። ፋይሌ ለብቻው እንዲከፈት አስቀድሜ ጠየቅኩ፣ እሺ አሉኝ።

ልምምዱን ከቡድኑ ጋር ሳደርግ ሰዓቱ አሁንም አለፈ። Rehearse Timings በየስላይዱ የወሰድኩትን ጊዜ ስለሚይዝ የት እንደሄደ ታየ፤ ካርታው ላይ ነው። ካርታ ሳይ የየቀበሌውን መንገድ ማውራት እወዳለሁ። ስላይድ አልቀነስኩም፣ ንግግሩን ወደ ሁለት ዓረፍተ ነገር አወረድኩት። የሰዓት ምልክትም አበጀሁ፦ 7ኛው ስላይድ፣ ማለትም የመጀመሪያው ውጤት፣ በ6ኛው ደቂቃ መጀመር አለበት። ካለፈ 11ኛውንና 12ኛውን እዘላለሁ። የሚዘለለውን አስቀድሞ መወሰን ይሻላል። መድረክ ላይ ሆኖ መምረጥ ከባድ ነው።

በዕለቱ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ስላራዘመ 13 ኛው ደቂቃ ላይ «ይበቃሃል» የሚል ወረቀት ከፊት ወንበር ተነሳልኝ። ሁለቱን ዘለልኩና ምክረ ሐሳቡ ላይ ገባሁ። ከዚያ አንድ የማኅበር ሊቀመንበር፣ አዛውንት ናቸው፣ እጃቸውን አነሱ። «ልጄ፣ አልጋ የሌለውስ? ሸራ ያለው ምን ያድርግ?» አሉኝ። ቁጥሩን ጽፌ Enter አልኩ። ስላይዱ ሲከፈት ሌሎች ሁለት ሰዎችም ስለ ሸራው ቀጠሉ፣ ጥያቄውም በአብዛኛው እዚያው አለቀ። ከዚያ ውጭ የተከፈተው የእርጥበቱ ስላይድ ብቻ ነው። ስለ ዋጋ ልዩነት ለጠየቀኝ ነጋዴ ስላይድ አልነበረኝም፤ ጥናቱ ዋጋን አልለካም፣ እንደዚያው ነገርኩት።

አሁን ለሚቀጥለው አቀራረብ እያስተካከልኩት ነው። የሸራው ስላይድ ከአባሪ ወጥቶ ከምክረ ሐሳቡ በፊት ይገባል። በምትኩ የሚወጣው 12ኛው ነው፤ በዕለቱ ተዘሎ ማንም አልጠየቀበትም። ፋይሉን ለጠየቁኝ ባለሙያዎች የላክሁት በፒዲኤፍ ሲሆን፣ ስቀይረው Include hidden slides የሚለው ላይ ምልክት መኖሩን አይቻለሁ። ምልክቱ ከሌለ አባሪው ሳይካተት ይቀራል።