ሴለስትን በ80 በመቶ ፍጥነት፦ የሦስተኛው ምዕራፍ ማስታወሻዬ

ሴለስት የተባለውን የ2018 ጌም ስጫወት ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ለሁለት ሳምንት ያህል ተቸንክሬ ቆየሁ። በምዕራፉ ማብቂያ ኦሺሮ የተባለው የሆቴሉ ባለቤት መንፈስ ተቆጥቶ ዋና ገጸ ባሕርይዋን ማደሊንን ያሳድዳታል። ከስክሪኑ ግራ ጠርዝ ብቅ ይልና ከፍታውን ከእርሷ ጋር ያስተካክላል፤ ጥቂት ቆይቶም ወደ ቀኝ በኃይል ይወረወራል። ተጫዋቹ በጊዜው ከመንገዱ መውጣት ወይም አናቱ ላይ ማረፍ አለበት፤ ያም ሆኖ ከፊቱ ያለውን ጥቁር አቧራ መንካት አይችልም፣ ከነካው ይሞታል።

የሴለስት ሠሪዎች Assist Mode የሚባል ምርጫ አስገብተዋል። እንደ ብዙ ጌሞች «ቀላል»፣ «መካከለኛ»፣ «ከባድ» ብሎ ከመከፋፈል ይልቅ ክብደቱን የሚፈጥሩትን ነገሮች ለየብቻ እንድናስተካክል ይፈቅዳል። የጌሙን ፍጥነት ከ100 በመቶ እስከ 50 በመቶ በአሥር በአሥር መቀነስ፣ ግድግዳ ስንይዝ የሚያልቀውን ጉልበት እንዳያልቅ ማድረግ፣ ወይም ጭራሽ እንዳንሞት ማድረግ ይቻላል። ምርጫው በማንኛውም ሰዓት ሊበራና ሊጠፋ ይችላል።

እኔ መጀመሪያ ያደረግሁት ስህተት ሳልመረምር ፍጥነቱን ወደ 60 በመቶ ማውረድ ነበር። ክፍሉን አለፍሁት፤ ቀጥሎ ያለውን በ100 ስጀምር ግን እጄ ሁሉንም ቁልፍ ዘግይቶ ይነካ ነበር፣ ምክንያቱም የለመድሁት የዘገየውን ምት ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ ተመልሼ በሙሉ ፍጥነት ሃያ ጊዜ ሞትሁና የእያንዳንዱን ሞት ምክንያት በአንድ መስመር ጻፍሁ። ከሃያው አሥራ ሦስቱ አንድ ዓይነት ነበሩ፦ ወደ ላይና ወደ ቀኝ በሰያፍ ዳሽ፣ ማለትም በአየር ላይ አጭርና ፈጣን ውርወራ፣ ላደርግ ስፈልግ ማደሊን በቀጥታ ወደ ቀኝ ትወረወራለች። ኦሺሮ እየቀረበ ስለሚያስቸኩለኝ፣ የ«ላይ» ቁልፍን ከመጫኔ በፊት የዳሹን ቁልፍ እነካ ነበር። ችግሬ ከኦሺሮ ፍጥነት ይልቅ የጣቶቼ ቅደም ተከተል እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ያን ካወቅሁ በኋላ በ80 በመቶ ጀመርሁ። አንድን ክፍል ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሳልሞት ካለፍሁ ወደ 90፣ እንደገና ሦስት ጊዜ ካለፍሁ ወደ 100 ከፍ አደርጋለሁ። በ90 ላይ አንድ ሙሉ ምሽት ወስዶብኛል፣ በ100 ግን በአራተኛው ሙከራ አለፍሁ። ዳሹን ስንጫን ጊዜውን አቁሞ አቅጣጫ የሚያስመርጠውን Dash Assist ብጠቀም ኖሮ በአንድ ምሽት ባለፍሁ ነበር፤ ነገር ግን ልማር የፈለግሁትን ነገር ራሱን ይሠራልኝ ስለነበር ተውሁት። እጁን የሚያመው ወይም የሁለት ቁልፎች ጥምረት የሚያስቸግረው ሰው ግን ያለ ምንም ቅሬታ ሊያበራው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

በቀላል ምርጫዎች ላይ የሚነሣው ክርክር ከሁሉ የበለጠ የጋለው በ2019 ሴኪሮ የተባለው የሰይፍ ውጊያ ጌም ሲወጣ ነበር። ጌሙን የሠራው የፍሮምሶፍትዌር ኩባንያ ዳይሬክተር ሂዴታካ ሚያዛኪ የክብደት ምርጫ የማያስገቡት ሁሉም ተጫዋች አንድ ዓይነት ፈተና እንዲያልፍና ስለ እርሱም በእኩል እንዲወያይ ስለሚፈልጉ እንደሆነ አስረድቷል። አንድ ጋዜጠኛ የመጨረሻውን ቦስ፣ ማለትም ዋናውን ጠላት፣ ጌሙን በሚያዘገይና ከሠሪዎቹ ውጭ በተሠራ ማሻሻያ እንዳሸነፈ በግልጽ ሲጽፍ ራስህን አታለልህ የሚል ወቀሳ ወረደበት። የወቃሾቹን ሐሳብ በከፊል እቀበላለሁ፤ የሴኪሮ ውጊያ የጠላትን ሰይፍ በትክክለኛው ቅጽበት መመለስ ስለሆነ፣ የምንጎዳበት መጠን በጣም ቢቀንስ ተጫዋቹ መመለሱን ትቶ ዝም ብሎ መምታት ይችላል፣ የጌሙም እምብርት ይጠፋል። ጌሙን ማዘግየት ግን ያንን አያደርግም፤ ሰይፉን መመለስ አሁንም ግዴታ ነው፣ የሚጨመረው ለማየት የሚበቃ ጊዜ ብቻ ነው። «ቀላል» የሚለው አንድ ቃል እነዚህን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሚሸፍን ክርክሩ መቋጫ አጥቷል።

ስለዚህ የክብደት ደረጃ ልትመርጡ ስትሉ በመጀመሪያ የት እንደምትሞቱ ተመልከቱ። የምትሞቱበት ቦታ በየሙከራው ወደ ፊት የሚገፋ ከሆነ እየተማራችሁ ነውና ምንም አትንኩ። በአንድ ቦታ፣ በአንድ ምክንያት ሃያ ጊዜ ከሞታችሁ ምክንያቱን የሚነካውን አንድ ማስተካከያ ብቻ ቀይሩ፤ ሁለት በአንድ ጊዜ ከቀየራችሁ የትኛው እንደረዳችሁ አታውቁም። «ቀላል» የሚለው ምርጫ በብዙ ጌሞች የጠላትን ጤናና የምንጎዳበትን መጠን ብቻ ስለሚቀይር ጊዜ አጠባበቅ ላይ ለሚቸገር ሰው የሚሰጠው እፎይታ ትንሽ ነው።

አሁን አራተኛው ምዕራፍ ላይ ደርሻለሁ፤ እዚህ ደግሞ ነፋሱ ዝላዬን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ፍጥነቱ በ100 ላይ ነው፤ እስካሁን ዘጠኝ ሞት መዝግቤያለሁ፣ ሁሉም በተለያየ ቦታ ነው።