አንድ ፊደል፣ ሁለት ቅጂ

ሰሞኑን ለተማሪዎቼ የካንሰርን ሥነ-ሕይወት ሳዘጋጅ ሐሳቤን ይዞት የሰነበተው አንድ ፕሮቲን ነው። «ራስ» ይባላል። 189 ያህል አሚኖ አሲዶች ያሉት ትንሽ ፕሮቲን ሲሆን የሚኖረው በሕዋሱ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ ተለጥፎ ነው። ኦንኮጂን የሚባሉትንም፣ ዕጢ ገቺ የሚባሉትንም ዘረ-መሎች በዚሁ በአንዱ ፕሮቲን ማስረዳት እንደሚቻል ካየሁ ወዲህ ትምህርቱን በሌላ መንገድ መጀመር አልፈልግም።

ጤናማ ሕዋስ በራሱ ፈቃድ አይከፈልም። ከውጭ የእድገት ምልክት መጥቶ ሽፋኑ ላይ ያለውን ተቀባይ ፕሮቲን ሲነካው፣ ተቀባዩ በረዳቶቹ በኩል «ራስ»ን ይቀሰቅሰዋል። «ራስ» እስከዚያ ድረስ ይዞት የቆየውን ጂዲፒ የተባለ ሞለኪውል ይለቅና በምትኩ ጂቲፒን ይይዛል። ጂቲፒን የያዘ «ራስ» እንደ በራ አምፖል ነው፤ ራፍ የተባለውን ፕሮቲን ያነቃል፣ ራፍ ሜክ የተባለውን፣ ሜክ ደግሞ ኤርክ የተባለውን። ኤርክ ወደ ኒውክሊየስ ይገባና ለመከፈል የሚያስፈልጉ ዘረ-መሎች እንዲሠሩ ያደርጋል። የሚጠፋው እንዴት ነው? «ራስ» ጂቲፒውን ቆርጦ ወደ ጂዲፒ ይመልሰዋል። ብቻውን ሲሆን ግን ይህን ሥራ በጣም በዝግታ ይሠራል። ሥራውን እስከ መቶ ሺህ እጥፍ ድረስ የሚያፋጥኑለት ሌሎች ፕሮቲኖች አሉ፤ ከእነሱ አንዱ ኒውሮፋይብሮሚን ነው። አጥፊ ልበላቸው። አጥፊው አርጂኒን የተባለውን አንድ አሚኖ አሲዱን ጂቲፒ ወደተቀመጠበት ጉድጓድ ያስገባል፤ መቆረጡም በቅጽበት ይሆናል።

እዚህ ጉድጓድ አፍ ላይ፣ በ12ኛው ቦታ፣ ግላይሲን አለ። ከአሚኖ አሲዶች ሁሉ ትንሹ ግላይሲን ነው፤ የጎን ሰንሰለቱ አንዲት ሃይድሮጅን ብቻ ናት። በ1982 በአሜሪካ ያሉ የተለያዩ ቤተ ሙከራዎች ከአንድ ታካሚ የፊኛ ካንሰር የተገኙ ሕዋሳትን «ራስ» ከጤናማው ጋር ሲያነጻጽሩ ልዩነቱ አንድ የዲኤንኤ ፊደል ሆኖ ተገኘ። ጂ በቲ ተተክቷል፤ በዚህም በ12ኛው ቦታ ግላይሲን ቀርቶ ቫሊን ገብቷል። ቫሊን ከግላይሲን ይተልቃል። አርጂኒኑ የሚገባበት ቦታ ተይዟል። አጥፊው ቢመጣም ማጥፋት አይችልም፤ ጂቲፒው ሳይቆረጥ ይቆያል፤ የእድገት ምልክቱ ከውጭ ባይመጣም ኤርክ መሥራቱን ይቀጥላል። ይህን ባስተማርኩ ቁጥር እደነቃለሁ፤ ለግላይሲን ብቻ የሚበቃ ጠባብ ቦታ የሰውን ሕይወት የሚወስን መሆኑን መልመድ አልቻልኩም።

በዚህ ሳምንት አንዲት ተማሪ «መምህር፣ ከእናትና ከአባት የመጡ ሁለት ቅጂዎች አሉን፤ አንዱ ጤናማ ከሆነ ለምን አያድንም?» ብላ ጠየቀችኝ። ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው። ጤናማው ቅጂ የሚሠራው «ራስ» በሥርዓት ይበራል፣ በሥርዓት ይጠፋል፤ የተበላሸውን ጎረቤቱን ግን ሊያጠፋው አይችልም። ስለዚህ አንድ ምት፣ ማለትም የአንዱ ቅጂ መበላሸት፣ ይበቃል። ኦንኮጂን የምንለው እንዲህ ያለውን፣ ተበላሽቶ ሥራው የበዛ ዘረ-መል ነው።

ሕዋስ ያለልክ እንዳይባዛ የሚገቱት የዕጢ ገቺዎች ነገር ግን ተቃራኒ ነው። በ1971 አልፍሬድ ክኑድሰን የተባለ የሕፃናት ሐኪም ሬቲኖብላስቶማ የተባለ የዓይን ካንሰር የያዛቸውን 48 ሕፃናት መዝገብ አገላበጠ። በሁለቱም ዓይኖቻቸው ዕጢ የወጣባቸው ሕፃናት ገና በጨቅላነታቸው ነበር የታመሙት፤ በአንድ ዓይን ብቻ የታመሙት ግን ዘግይተው። ዕድሜን በዚያ ዕድሜ ሕመሙ ገና ካልታወቀባቸው ሕፃናት ብዛት ጋር በሥዕል ሲያስቀምጠው የመጀመሪያዎቹ መስመር አንድ ክስተት ብቻ እንደሚያስፈልግ፣ የሁለተኞቹ ደግሞ ሁለት ክስተት እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ ሆነ። ማብራሪያው ይህ ነው፦ መጀመሪያዎቹ አንዱን ቅጂ ተበላሽቶ ወርሰዋል፤ በሬቲናቸው ውስጥ ከሚባዙት ብዙ ሕዋሳት በአንዱ ጤናማው ቅጂ መጥፋቱ አይቀርም። የሌሎቹ ግን ሁለቱም ምቶች በአንድ ሕዋስ ላይ መገናኘት አለባቸው። ዘረ-መሉ ራሱ በ13ኛው ክሮሞሶም ላይ ተለይቶ የታወቀው ከ15 ዓመት በኋላ ነበር፤ ክኑድሰን እዚህ ድምዳሜ ላይ የደረሰው ዘረ-መሉን ሳያይ፣ በዕድሜ ስሌት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምት ብዙ ጊዜ አዲስ የፊደል ስሕተት አይደለም። ሕዋሱ ሲከፈል ጤናማው ክሮሞሶም ወይም የተወሰነ ክፍሉ ጠፍቶ ይቀራል፤ አንዳንዴም በቦታው የተበላሸው ይባዛል። ይህን ለማወቅ የታካሚውን ደምና ዕጢ ጎን ለጎን መመርመር ነው፤ በደሙ ውስጥ የእናትም የአባትም ዓይነት ሲታይ፣ በዕጢው ውስጥ አንዱ ጠፍቷል።

አሁን ወደ አጥፊው ልመለስ። ኒውሮፋይብሮሚንን የሚሠራው በ17ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለው ኤንኤፍ1 የተባለ ዘረ-መል ነው። ከ3,000 ገደማ ሕፃናት አንዱ የዚህን አንድ ቅጂ ተበላሽቶ ይዞ ይወለዳል፤ ቆዳው ላይ ቡናማ ነጠብጣቦች ይታያሉ፣ ቆይቶም በነርቮቹ ላይ ዕጢዎች ይወጡበታል። በዕጢው ውስጥ ያሉት የነርቭ ሸፋኝ ሕዋሳት ሁለተኛውን ቅጂም አጥተዋል። የእነዚህ ሕዋሳት «ራስ» ፍጹም ጤናማ ነው፤ ግላይሲኑም በቦታው አለ። ግን የሚያጠፋው ጠፍቷል። አንድ አጥፊ ቅጂ ቢቀር ኖሮ ሥራው ባልተስተጓጎለ ነበር፤ ስለዚህ ሁለት ምት ያስፈልጋል። በአንድ በኩል «ራስ» ተሰብሮ፣ በሌላ በኩል አጥፊው ጠፍቶ፣ ሕዋሱ የሚሰማው ያው የማያቋርጥ ምልክት ነው። ለተማሪዬ የነገርኳት ይህንኑ ነው፤ ቅጂ የምንቆጥረው ሥራ በዝቶ እንደሆነና ሥራ ጠፍቶ እንደሆነ ለይተን ነው።

ግን የበራ «ራስ» ብቻውን ካንሰር አያደርግም፤ ይህን የሚዘሉ ማብራሪያዎች ያስከፉኛል። በ1997 የወጣ ጥናት የተበላሸውን «ራስ» በጤናማ ሕዋሳት ውስጥ ሲያስገባ፣ ሕዋሳቱ ያለልክ ከመባዛት ይልቅ መከፈላቸውን ለዘለቄታው አቆሙ። ፒ53 እና ፒ16 የተባሉት ዕጢ ገቺዎች በውስጣቸው ተከማችተው ነበር። እነዚህ ከተነሡ ግን መገታቱ ይቀራል። የቆሽት ካንሰር ይህን በግልጽ ያሳያል፤ ከ10 ታካሚዎች በ9ኙና ከዚያ በላይ ከ«ራስ» ዓይነቶች አንዱ የሆነው ኬ-ራስ ተበላሽቶ ይገኛል፤ ይሁንና ኬ-ራስ ብቻ የተበላሸባቸው ጥቃቅን ቁስሎች ብዙ ዓመት ምንም ሳያደርጉ ሊቆዩ ይችላሉ። አደገኛ የሚሆኑት እነ ፒ16 እና ፒ53 ተከትለው ሲጠፉ ነው።

ይህ የቤተ ሙከራ ወግ ብቻ አይደለም። ሴቱክሲማብ የተባለው የአንጀት ካንሰር መድኃኒት የሚዘጋው ከ«ራስ» በላይ ያለውን ተቀባይ ነው። ዕጢው የተበላሸ ኬ-ራስ ካለው ተቀባዩን ብቻ መዝጋት ትርጉም የለውም፤ ምልክቱ ከእርሱ በታች እየተነሣ ነው። የአንጀት ካንሰር ከያዛቸው ሰዎች ደግሞ 40 በመቶ ያህሉ ይህ አለባቸው፤ ለዚህ ነው መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ዕጢው ለዚህ ሚውቴሽን የሚመረመረው። በ2020 በአሜሪካ ለኤንኤፍ1 ሕፃናት የተፈቀደው ሴሉሜቲኒብ ግን ሜክን ነው የሚይዘው፤ ሜክ ከ«ራስ» በታች ስለሆነ «ራስ» እንደበራ እያለም የብዙ ሕፃናት ዕጢ ይቀንሳል። አይጠፋም፤ አጥፊው አልተመለሰምና።