ለቶና እደርሳለሁ

ባሌ ሰው ይወዳል። ቅዳሜ ከሥራ ሲወጣ ብቻውን ወደ ቤት አይመጣም፤ ሁለት ሦስት ሰው አስከትሎ ነው። እኔ ሱቅ ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ ስለፈልፍ ስለምውል ቅዳሜ የሚናፍቀኝ ዝምታ ነው። ደሴ ላይ ግን ይህን ለማን ትነግሪዋለሽ? ቡና ተጠርቶ የቀረ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ተቀይሟል።

መጀመሪያ ቀን ተካፈልን። ቅዳሜ የእሱ፣ እሁድ የእኔ። አንድ ወር ሞከርነውና አልሆነም። ቅዳሜ ማታ እኔን ራስ ምታት ይጥለኛል። እሁድ ደግሞ እሱ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ስልኩን ያገላብጣል፤ ስድስት ሰዓት ላይ ጫማውን አድርጎ በር ላይ ቆሟል። አንድ እሁድ «ለቅሶ እንኳ ይጥፋ?» አለኝ። ሳቅን፤ ክፍፍሉም በዚያው ቀረ።

ከዚያ ሁለቱንም ቀን ትንሽ ሰው፣ ትንሽ ዝምታ ይኑረው አልን። ችግሩ የጎረቤት ቡና ነበር። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ከሁለት ሰዓት በላይ ይሄዳል። እኔ መሀል ላይ ሹልክ እል ነበር። ስህተቴ ይሄ ነው፤ በረካ ሳይጠጡ መነሳት ያስቀይማል። የጎረቤታችን እናት «ምን አጎደልንብሽ ልጄ?» ብለው ቤቴ ድረስ መጡ።

አሁን ገልብጠነዋል። አርፍጄ እገባለሁ እንጂ ቀድሜ አልወጣም። እሱ ለአቦል ይሄዳል፤ እኔ ቶና ሲቀዳ እደርስና ምርቃቱን ሰምቼ እነሳለሁ። መጀመሪያ ሰሞን «የታለች?» ሲሉት «ተኝታለች» ስለሚላቸው አሞኛል ብለው ልጅ ይልኩብኝ ነበር። ስለዚህ የቡና ቁርሱን እኔ ልያዝ አልኩ። «ቆሎ እየቆላች ነው» ሲላቸው ማንም አይጠይቅም። እውነትም እየቆላሁ ነው፣ ብቻዬን፣ ቤቱ ጭጭ ብሎ።

እንግዳ ወደኛ የሚመጣው በሁለት ሳምንት አንዴ ነው፤ ያውም ከዋዜማው ተነግሮኝ። ሳይነግረኝ ያመጣውን ሰው ፒያሳ ወስዶ የጀበና ቡና ይጋብዘዋል። (ሁለቴ ረስቷል። ይቅር ብያለሁ።) ለቅሶና ሠርግ በቀጠሮ አይመጡም። ለቅሶ ቤት ከተቀማጩ ጋር ከመዋል ጓዳ ገብቼ እንጀራ ማቅረብ ይቀለኛል። የተበላብኝን ሰዓት ደግሞ የሚቀጥለው ቅዳሜ ላይ እሱ ይመልስልኛል።

እሁድ ከቁርስ በኋላ እሱ ጓደኞቹ ዘንድ ነው፤ ቤቱ እስከ ስምንት ሰዓት የእኔ ነው። በወር አንዴ ግን ከጧቱ አብረን ሐይቅ እንወርዳለን። ዓሣ በልተን እሱ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ወሬውን ይጀምራል። እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ውሃውን አያለሁ። ድምፁ ይሰማኛል፣ ማንም ግን መልስ አይጠብቅብኝም። የሚኒባሱ ረዳት «ደሴ! ደሴ!» ማለት ሲጀምር፣ እሱን ከወሬው ነቅሎ ማምጣት የእኔ ሥራ ነው።