ቴርሞሜትሬ 92 ላይ ቆመ

ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ

ዛሬ ቦምቦሊኖ ጠበስኩ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሦስተኛ ሙከራዬ ነው። የመጀመሪያውን ማንም አልበላውም። ሁለተኛውን ልጆቹ ሻይ ውስጥ እየነከሩ እንደምንም ጨረሱት። የዛሬው ግን ገና ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ሳልረሳው ልጻፈው።

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ነበር። ግማሽ ኪሎ ዱቄት፣ ደረቅ እርሾ፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ እንቁላል፣ ትንሽ ቅቤ፣ ለብ ያለ ወተት። ሊጡ እንደሚፈለገው ኩፍ ብሎ ነበር፣ በሱ አላማም። ዘይት ግን በዚህ ዋጋ እንዴት ይፈስሳል ብዬ አንድ ሊትር ብቻ ድስት ውስጥ ጨመርኩ። ምድጃውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ፣ ዘይቱ ጭስ ጭስ ማለት ሲጀምር ሦስት ቦምቦሊኖ ጣል አደረግኩ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላቸው የተቆላ ቡና መሰሉ። ቶሎ አወጣሁና አንዱን ቆረስኩት። መሀሉ ጥሬ ነው። ጣት ላይ የሚጣበቅ፣ እርሾ እርሾ የሚሸት ሊጥ።

ደንግጬ እሳቱን ቀነስኩ። ቶሎ ልገላገል ብዬም ስድስት በአንድ ጊዜ ከተትኩበት። ያኔ የዘይቱ ድምፅ ጠፋ። ቅድም ሲንጣጣ የነበረው ዘይት ዝም አለ፣ ቦምቦሊኖዎቹ ዳር ዳር ላይ ጥቂት አረፋ ብቻ ይታያል። ስምንት ደቂቃ ጠበቅኳቸው። ቀለማቸው ከነጭ ብዙም ፈቀቅ አላለም። አውጥቼ ጫን ሳደርጋቸው ዘይት ያንጠባጥባሉ። ባለቤቴ አንዱን አንስቶ ገልበጥ አድርጎ አየና «ይሄ ለኩራዝ ይሆናል» አለ።

አንዱ ተቃጥሎ ጥሬ፣ ሌላው ነጥቶ ዘይት የጠጣ። ሁለቱም በግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ ከአንድ ሊጥና ከአንድ ድስት የወጡ ናቸው። ያኔ ነው ሊጡን መውቀስ የተውኩት።

ከመርካቶ የዘይት ቴርሞሜትር ገዛሁ። ከመጠቀሜ በፊት ልክ መሆኑን ልፈትነው ብዬ የሚፈላ ውኃ ውስጥ ከተትኩት። ውኃው እየተንተከተከ ነው። መርፌው 92 ላይ ደርሶ ቆመ። ብጠብቅ ብጠብቅ ንቅንቅ አይልም። የተበላሸ ሸጡልኝ ብዬ ልመልሰው ስነሳ ለወንድሜ ደወልኩለት። ሳቀብኝ። «አዲስ አበባ ምን ያህል ከፍታ ላይ እንዳለች ረሳሽው እንዴ?» ለካ ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ባሕር ጠለል ላይ ነው። እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለነው፣ እዚህ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። ቴርሞሜትሩ ጤነኛ ነበር።

ለነገሩ ይሄን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ከቦምቦሊኖ ጋር ግን አገናኝቼው አላውቅም። ሊጥ ውስጥ ውኃ አለ። ውኃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ የሊጡ መሀል ከውኃው መፍያ አያልፍም። ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው መሀሉ ወደ 100 ሲጠጋለት፣ የኔ 92 ላይ ይቆምና ቀስ ብሎ ይበስላል። ቅርፊቱ ግን የሚቀላው በዘይቱ ሙቀት ነው፣ እሱ እዚህም እዚያም እኩል ይሮጣል። የኔ የአሠራር ወረቀት 185 ዲግሪ ይላል። እዚህ በዚያ ሙቀት ስጠብስ ውጩ መሀሉን ቀድሞት ይጨርሳል። ለአዲስ አበባ ከፍታ 13 ዲግሪ ያህል መቀነስ ያስፈልጋል፣ ማለትም 170 አካባቢ። ስኳር ሲበዛ ደግሞ ቅርፊቱ የባሰ ይቸኩላል፣ ስለዚህ አራቱን ማንኪያ ሦስት አደረግኩት።

ታዲያ ዝቅ ማለት ጥሩ ከሆነ ለምን የበለጠ አንቀንስም? እዚህ ጋ ነው የኩራዙ ነገር የሚመጣው። ሊጥ የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው ውኃ እንፋሎት ሆኖ ወደ ውጭ ይገፋል። የምናየው አረፋ እሱ ነው። እየወጣ እያለ ዘይቱን አያስገባም። ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይደክማል፣ ቅርፊት ቶሎ አይይዝም፣ ቀለም እስኪመጣ ብለን ደግሞ ስናቆየው ይብሳል። የገረመኝ ግን አብዛኛው ዘይት የሚገባው ከድስቱ ከወጣ በኋላ መሆኑ ነው። እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰብና ቆዳው ላይ ያለውን ዘይት ወደ ውስጥ ይስበዋል። ዛሬ ሞከርኩት። ሁለቱን እንደወጡ ወዲያው በሶፍት አደረቅኳቸው፣ ሦስተኛውን ሳህን ላይ ተውኩት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ስቆርሳቸው የሦስተኛው ቅርፊት ሥር ቢጫ የዘይት መስመር ነበረው። የሁለቱ ደረቅ ነው። ለካ ሳህን ላይ መቆለሌም ጥፋት ነበር።

የዛሬውን ልንገራችሁ። አንድ ሊትር ተኩል ዘይት፣ ከባዱ ብረት ድስት ውስጥ። ዘይት መሰሰት ከዚህ በኋላ የለም፣ ትንሽ ዘይት ሊጥ በገባበት ቁጥር ይደነግጣል። እያንዳንዱ ድቡልቡል 50 ግራም ገደማ፣ ከፍሪጅ የወጣ ሳይሆን ቤት ውስጥ ኩፍ ያለ። ዘይቱ 172 ሲደርስ ሦስት ብቻ ከተትኩ። መርፌው ወረደ፣ 160 ላይ ቆመ፣ ከዚያ ቀስ እያለ 166 ደረሰ። በአንድ ጎን ሁለት ደቂቃ ተኩል፣ ገልብጬ ሌላ ሁለት ተኩል። ወገባቸው ላይ ነጭ ቀበቶ ወጣላቸው። ቀበቶው ሲኖር ሊጡ በደንብ ተነፍቶ ተንሳፍፏል ማለት ነው። ያልተነፋ ሊጥ ይሰጥማል፣ እሱን ቴርሞሜትርም አያድነውም። ቀጣዮቹን ከመጨመሬ በፊት መርፌው ተመልሶ 172 እስኪሆን ጠበቅኩ። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም።

የሚያስቸግረው የኤሌክትሪክ ምድጃው ነው። ብታጠፉትም ሪዚስታንሱ ቀልቶ ይቆያል። 172 ሲል ብቀንስ 185 ድረስ ይሄዳል። 165 ላይ ሲደርስ ነው ማዞሪያውን መመለስ ያለብኝ፣ ቀሪውን በራሱ ይጨርሰዋል።

አራት ሲቀረኝ መብራት ጠፋ። ሊጡን በሳህን ይዤ ሰፈራችን ጥግ ፓስቲ የሚጠብሱት እናት ጋ ሄድኩ። ከሰል ላይ ነው የሚሠሩት። «እማማ፣ እነዚህን ይጥበሱልኝ» አልኳቸው። ከሊጡ ቆንጥረው ዘይቱ ውስጥ ጣል አደረጉ። ሰመጠ፣ ወዲያው ብቅ አለና መንጫጫት ጀመረ። ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙት። «ደርሷል» አሉ።

አላስቻለኝም። ቴርሞሜትሩን ከኪሴ አውጥቼ ከተትኩት። 170።

መርፌውን አዩና እኔን አዩኝ። «ልጄ፣ ይሄን ነገር ስንት ገዛሽው?»

ነገርኳቸው። ምንም አላሉም። ከሰሉን በመቆስቆሻ ትንሽ ገፋ አደረጉት።